የይርገዱ ሦስት እንቁላል

ቁስቋም አካባቢ ባለው ወፍጮ ቤት ዱቄቱ የጎደለበት ሰው ጆንያውን ይጠረጥራል፣ ወፍጮውን ይጠረጥራል፣ እህሉን ያመጣችውን አህያ ሳይቀር ይጠረጥራል፤ አለነን ግን አይጠረጥርም። አለነ ሚዛን ያዥ ነው። እህሉ ሲገባ ይመዝናል፣ ዱቄቱ ሲወጣ ይመዝናል፣ በመካከል የጎደለውን «ይኸ ብናኝ ነው፤ ይኸ ደግሞ ወፍጮው ለራሱ የቀመሰው ነው» ብሎ ለባለቤቱ ፊት ለፊት ይነግራል። ገና በጎረምሳነቱ ከጃናሞራ ወጥቶ ጎንደር የገባ ሰው ነው። ፀጉሩን ያነጣው ዕድሜ ይሁን ዱቄት እስከ ዛሬ የለየለት የለም።

ኩራቱ አንዲት ናት፦ «የአያ አለነ ሚዛን አይዋሽም» መባል። ሌላ የሚኮራበት ሀብት የለውም። አንዲት ልጁ እስከዳር መካነ ብርሃን ላይ አስተማሪ ናት፤ በበዓል በበዓል ትመጣለች። ሚስቱ ይርገዱ ደግሞ ለእሱ እንደ ቀኝ እጁ ናት፤ ሰው በቀኝ እጁ ሲኮራ አይታይም፣ እስኪታመም ድረስ።

እሷም ታመመች። በታኅሣሥ ለጎረቤት ማኅበር ድግስ ልትረዳ ሄዳ፣ የፈላ ውኃ የያዘ ትልቅ ብረት ድስት ከጉልቻው ተንሸራቶ የግራ እግሯን ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቃጠላት። ሆስፒታል ተኝታ ቆየች፤ ከዚያ ቤቷ ሆና ቁስሉን አንድ ቀን እየዘለለች እንድታሳጥብ ተባለ። ቁስሉ ንጹሕ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ ግን አልገጥም አለ። ሐኪሙ ዶክተር ይበልጣል መላውን ነገራቸው። ከጭኗ ስስ ቆዳ ተወስዶ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል። ቀላል ነው። ከባዱ ሌላ ነው።

«ኪሎዋ እየወረደ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሰውነቷ እየሳሳ ባለበት ቆዳ ብንለጥፍ አይይዝም። ቆዳው የተወሰደበትም ቦታ ሁለተኛ ቁስል ሆኖ ይቀራል። መውረዱ ይቁምና ስሟን ቀዶ ጥገና ተራ ላይ እጽፋለሁ።»

አለነ ይኸን ሲሰማ ፈራ። የፈራው ሞቷን ብቻ አልነበረም፤ እግሩ እንደዚህ ተከፍቶ ዓመት ቢቆይስ ብሎ ፈራ። ይርገዱ ደግሞ የራሷ ስሌት ነበራት። «ምነው ከዐቢይ ጾም በፊት በተለጠፈልኝ» ትላለች። «በሁዳዴ እንቁላል ብይ ከሚሉኝ እግሬ ይቆረጥ።»

እንዲህ ነው ወደ ሰርካለም የተላኩት። ሰርካለም የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ነርስ አይደለችም፤ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ለአለነ «ሲስተር» ናት፤ እሷም ማረሙ ሰልችቷት ትታዋለች። የይርገዱን ቁመት ለካች፣ ኪሎዋን መዘነች፣ ከዚያም በቀን ወደ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ካሎሪና ሰማንያ ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል አለች። የአለነ ፊት ባዶ ሲሆንባት ፈገግ አለች።

«አያ አለነ፣ ካሎሪው ማገዶው ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ የቤቱ እንጨት ነው። ማገዶ ያለቀበት ሰው ምን ያደርጋል? የቤቱን ምሰሶ እየነቀለ ያነዳል። የእትዬ ይርገዱ ሰውነት እንደዚያ እንዳያደርግ ሁለቱም መግባት አለባቸው።»

ይኸ ገባው። በቀን ሦስት እንቁላል፣ ሁለት ኩባያ ወተት፣ ሁለት እንጀራ በደንብ ዘይት የነካው ሽሮ ወይም ምስር፣ በተገኘ ቀን ትንሽ ሥጋ። ይኸም ሁሉ እንዲጻፍ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ለአለነ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠት ላሟን «ሣር ጋጪ» እንደ ማለት ነው። ከወፍጮ ቤቱ የበርበሬዋን ትንሽ ሚዛን ተውሶ ሄደ። የሽሮውን ዱቄት ሳይመዝን ድስት ውስጥ አይጨምርም፣ ዘይቱን በማንኪያ ይለካል፣ ወተቱን ያንኑ ኩባያ ካላገኘ አይቀዳም። ቀን ወፍጮ ቤት ውሎ ሲመጣ ውኃ ይቀዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ እንጀራ ከጎረቤት ይገዛል። እንቁላሉን እስከዳር በጭድ ጠቅልላ በአውቶቡስ ትልካለች። ወንድ ወጥ ሲሠራ አይቶ የሳቀ ጎረቤት አልጠፋም። አለነ ግን «እናንተ በቅምሻ ነው የምትሠሩት፣ እኔ በግራም ነው» ይላቸዋል።

ጽሑፉም የሚዛኑን ያህል ሐቀኛ ነበር። የንስሐ አባታቸው መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ «ለታመመ ጾም የለበትም፤ ብይ» ብለው ፈትተዋታል፤ ይርገዱም «እሺ አባቴ» ብላ ጉልበታቸውን ስማ፣ ረቡዕና ዓርብ እንደ ወትሮዋ ጾመች። በእነዚያ ቀናት ላይ አለነ «እንቁላል የለም። ወተት የለም። ጾመች። ምስር፣ ሽምብራና ለውዝ በላች። ተቆጣሁ» ብሎ ጽፏል። መቆጣቱ ስንት ካሎሪ እንደሆነ አልጠቀሰም።

ሁለቱ ሳምንታት አለቁና ማክሰኞ ጠዋት ተመለሱ። የሰርካለም ክፍል ከመተላለፊያው ጫፍ ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ያረጀ ጽድ ቆሟል። ይርገዱ በአለነ ትከሻ ተደግፋ ሚዛኑ ላይ ወጣች። በፊተኛው ጊዜ አርባ ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ ነበረች። አሁን አርባ ስድስት ከሰባት መቶ።

አለነ ጎንበስ ብሎ የሚዛኑን ሥር አየ። ከዚያም ጠጋ ብሎ ግድግዳ ነክቶት፣ ወለሉም አዘንብሎ እንደሆነ መረመረ።

«ሲስተር፣ ይኸ ሚዛን የተፈተሸው መቼ ነው?»

ሰርካለም አልተቆጣችም። ከመሳቢያዋ ባለ አምስት ኪሎ የብረት መፈተሻ አውጥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። አምስት አለ። አለነ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የሌላ ሰው ሚዛን እንዲህ በሰው ፊት የከሰሰበት ቀን በዕድሜው አልነበረውም፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ሰርካለም የጻፈውን ተቀብላ ተቀመጠች። አልቸኮለችም። የእያንዳንዱን ቀን ካሎሪና ፕሮቲን ደመረች፣ ከዚያ የሁሉንም አማካይ አወጣች፣ ከዚያ ተመልሳ ዝቅ ያሉትን ቀናት ብቻ ለይታ አየቻቸው። «አማካይ አታላይ ነው» አለች እየጻፈች። «አንድ ቀን ጠግቦ ሦስት ቀን የተራበም በአማካይ ደኅና ይመስላል።» እዚህ ግን እንደዚያ አልነበረም። ካሎሪው ከታሰበው እምብዛም አይርቅም። ፕሮቲኑ በጾሙ ቀናት ወደ ስልሳ ግራም ይወርዳል፣ በሌላው ቀን ይመለሳል። ለውዙና ዘይቱ የጾሙን ቀን ካሎሪ ይዘውታል።

«ጾሙ ብቻውን ይኸን ያህል አያወርዳትም» አለች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ትኩሳት ነበራት? የለም። ተቅማጥ፣ ማስመለስ? የለም። የእግሯ እብጠትስ? እሱማ ከመጀመሪያው ሚዛን በፊት ጎድሏል። የስኳር ምርመራዋን ገልጣ አየች፤ ደኅና ነው። ቁስሉን ያጠበችው ነርስ ምንም መመረዝ የለም ብላ ጽፋለች።

ዶክተር ይበልጣል በዚህ መካከል ብቅ አለ። የቀዶ ጥገናውን ተራ ሊያወጣ ስለነበር የይርገዱን ነገር ሊጠይቅ ነው። ቁጥሩን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ጨምሪላታ። ካሎሪውን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አድርሺው፣ የፕሮቲን ዱቄትም እዘዢላት።»

«ልጨምር እችላለሁ ዶክተር» አለች ሰርካለም። «ግን እዚህ የተጻፈው ሆዷ ገብቶ ከሆነ እንዲህ መውረድ አልነበረባትም። ካልገባ ደግሞ፣ ብጨምርም የማትበላውን ነው የምጨምረው። ዛሬን ተወኝ።»

ሐኪሙ «እስከ ከሰዓት ንገሪኝ» ብሎ ሄደ። አለነ ግን «ካልገባ» የምትለዋን ቃል ይዞ ቀረ። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ።

«ልጄ፣» አለ፣ ሲስተር ማለቱንም ረስቶ፣ «እኔ ሚዛን ይዤ ነው ያረጀሁት። የሰው እህል አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም። በገዛ ሚስቴ ነው የምዋሽ?»

«አያ አለነ፣ ዋሹ አላልኩም። እንዲያውም እንዲህ አድርጎ የጻፈልኝ ሰው የለም።» ድምፅዋ የዋህ ነበር። «ምሳ ይዛችኋል?»

ይዘዋል። የቁስል ማጠቢያው ወረፋ ረጅም ስለሆነ በምሳ ዕቃ ይዞ መምጣት ልማዳቸው ነው። አለነ በየሳህኑ የተመዘነውን ሁሉ ያውቃል፦ የሦስት እንቁላል ጥብስ፣ ሽሮ፣ ሁለት እንጀራ፤ ወተቱ ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ።

«እዚሁ ብሉ። እንደ ቤታችሁ። እኔ የለሁም በሉ።»

ሰው እያየ መብላት ይከብዳል። ይርገዱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ሰርካለም ግን ፊቷን ወደ ወረቀቷ መልሳ የራሷን ሥራ የያዘች መሰለች። ጥቂት ቆይቶ ረሀቡ እፍረቱን አሸነፈውና እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። አለነ እንጀራውን ዘረጋ፣ ሽሮውን መካከል አፈሰሰ፣ እንቁላሉን በሙሉ በይርገዱ በኩል አደረገ። ከዚያም ራሱ ከዳር ከዳሩ ደረቁን እየቆረሰ ሽሮውን ነካ እያደረገ ጀመረ።

ይርገዱ አንድ ጊዜ ጎረሰች። ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ እንቁላሉን ከነሽሮው አጠቃልላ ወፈር አድርጋ ጠቀለለችና ክንዷን ዘረጋች። አለነ አፉን ከፈተ። ወሬ እንኳ አላቋረጠም፤ ስለ ወፍጮው ቀበቶ መበጠስ እየነገራት ነበር። ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ወሬውን ቀጠለ። እሷ ትንሽ ቆረሰች። እንደገና ጠቀለለች፣ እንደገና ክንዷ ሄደ። እንደገና አፉ ተከፈተ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲጎርስ የኖረ ሰው ጉርሻን እንደ ምግብ አይቆጥረውም፤ እንደ ሰላምታ ነው። ወተቱንም ይርገዱ ግማሹን ጠጥታ «በቃኝ፣ ይበላሻል ጨርሰው» አለችው። ጨረሰው።

ሳህኑ ባዶ ሆነ። አለነ እጁን ሳይታጠብ ብዕር ጠየቀ፤ ምሳዋን ሊጽፍ ነው።

«ቆዩ እስኪ» አለች ሰርካለም። «እንቁላሉን ማን በላው?»

«እሷ ናታ! ባዶውን ሳህን አታዪም?»

«እትዬ ይርገዱ?»

ይርገዱ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ጀመር።

«አያ አለነ፣ እስኪ እርስዎ ሚዛኑ ላይ ይውጡ።»

«እኔ? እኔ ምን አለብኝ? ስልሳ አንድ ኪሎ ነኝ፤ የጆንያ ሚዛኑ ላይ በየወሩ እወጣለሁ። ገና ወር ሲገባ ስልሳ አንድ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረዎት?»

ጫማውን አወለቀ፣ ቦርሳውን ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ። ሚዛኑ ጥቂት አሰበና ስልሳ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ላይ ቆመ። አለነ ወደ ታች ተመለከተ። መፈተሻው ብረት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስለነበረ ሚዛኑን መጠርጠር አልቻለም። ሌላም ነገር ትዝ አለው፤ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አላልቶ ነበር። «ምነው ልብሱ ጠበበ፣ እጥበት ነው» ብሎ ነበር ያለፈው።

ቀስ ብሎ ወረደ።

«ያረብ፣ ይርገዱ» አለ። «የእግርሽን ቆዳ እኔ ነኝ የበላሁት?»

ሰርካለም ሳቋን ያዘች። «ሂሳቡ እንደ ጆንያ አንድ ለአንድ አይሄድም። ግን አዎ፣ ጥቂቱ እርስዎ ላይ ነው ያለው።»

አለነ አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን አየ። «እህል ሲገባ እመዝናለሁ፣ ዱቄቱ ሲወጣም እመዝናለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ቤቴ ግን ወደ ገበታው የገባውን ብቻ ነው የመዘንኩ። ወዴት እንደወጣ አላየሁም።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ተቆጥቶ ነበር፣ አሳዝኖትም ነበር፣ ሁለቱ ተደባልቀው ዓይኑን አረጠቡት። «ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ? እኔ ያንን ሁሉ የምለፋ ላንቺ አይደለም?»

ይርገዱ እስካሁን ዝም ያለችው ጥፋተኛ ስለሆነች አልነበረም። አሁን ቀና አለች።

«አንተስ ምነው?» አለች። «እንቁላሉን ወደኔ ገፍተህ አንተ ዳር ዳሩን ደረቁን ትቆርሳለህ። ወፍጮ ቤት ውለህ፣ ውኃ ተሸክመህ፣ የሴት ሥራዬን ሠርተህ። ፊቴ ተቀምጠህ ስትጠወልግ እያየሁ በየት በኩል ይወርድልኛል? እግሬስ ቢድን ባዶ ቤት ውስጥ ልቆምበት ነው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ባሌን ፊቴ አስቀምጬ ብቻዬን ልብላ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

አለነ ሽሮ ለእሷ ይትረፍ ብሎ ሲቆጥብ፣ እሷ እሱ ተራበብኝ ብላ እንቁላሏን ስትመልስለት ነው የከረሙት። እሱ ለሚስቱ እየጾመ ወፈረ፤ እሷ ለባሏ እያጎረሰች ከሳች። እንዲህ ያለውን ጥፋት በየትኛው ሕግ ይቀጡታል?

ሰርካለም ወንበሯን ወደ እነሱ ሳበች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «የአንድ ሰው ምግብ አዝዤ ለሁለት ሰው ገበታ ሰደድኩት። አሁን ስሙኝ። ካሎሪውን አልነካውም። ፕሮቲኑንም አልነካውም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ገና አልተሞከሩም። የሚለወጠው ድርሻው ነው። የእትዬ ይርገዱም አይደለም፤ የእርስዎ ነው፣ አያ አለነ።»

«የኔ?»

«የእርስዎ። በእርስዎ በኩል ገበታው ባዶ እስከሆነ እሷ አትበላም። ሽሮውን ጨምረው ይሥሩ፣ ክኩን፣ ባቄላውን፣ ጎመኑን። የእርስዎ በኩል ሙሉ ይሁን። ከፈለጉ ለራስዎም እንቁላል ይጨምሩ፤ ሦስቱ ግን የእሷ ናቸው። ወተቱን ከገበታው በፊት ትጠጣው፣ ፊትዎ፣ እስከ ሥሩ። የሚጽፉት ደግሞ ከበላችሁ በኋላ ነው፤ የቀረበውን ሳይሆን እሷ የዋጠችውን።»

ይርገዱ ራሷን ነቀነቀች። «ገበታ ልንለያይ ነው?»

«ገበታው አንድ ይሁን።»

«እንግዲያው ሳላጎርሰው አልበላም። እጄ እንቢ ይለኛል።»

ሰርካለም እዚህ ላይ ተቸገረች። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ስለ ጉርሻ የሚለው ነገር የለም። አለነ ግን የሚዛን ሰው ነውና በአንድ በኩል የሚወርድ በሌላው በኩል እንደሚነሣ ያውቃል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲስተር፣ ጉርሻ አይመለስም አይደል? ነውር ነው።»

«ነውር ነው።»

«እንግዲያው ማጉረሱ ወደኔ ይዙር። አንድ ብታጎርሰኝ ከባቄላው ታጉርሰኝ፤ እኔ ከእንቁላሉ ሁለት እመልስላታለሁ። እስኪ እንቢ ትበለኝ!»

ሰርካለም በዚህ ጊዜ ሳቋን አልያዘችም። «ተፈቅዷል» አለች። «ጉርሻውም ይጻፍ። ወዲያም ወዲህም።» ለዶክተር ይበልጣልም ሄዳ ምንም እንዳልጨመረችና ለምን እንዳልጨመረች ነገረችው፤ የቀጣዩን ተራ አንድ ቦታ ክፍት አድርጎ እንዲያቆይላትም ለመነችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኪሎዋ ካልቆመ ያን ጊዜ ካሎሪውን ትጨምራለች።

ከዚያ ወዲያ የአለነ ቤት ገበታ የጦር ሜዳ ሆነ። ይርገዱ እጇ ወደ እንቁላሉ ሲሄድ አለነ «ባቄላ!» ይላል። እሷ ባቄላውን ታጎርሰዋለች፤ እሱ ደግሞ እንቁላሉን ጠቅልሎ አፏ ድረስ ያመጣል። «በቃኝ» ስትል «አንድ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ይደግማል። «ሁለትም ያጣላል እንዴ?» ስትል «ሁለትማ ያፋቅራል» ይላታል። መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ራሷም ሳታውቀው፣ እየራባት ገበታውን መጠበቅ ጀመረች። ረቡዕና ዓርብ ግን አልተሸነፈችም። አለነም የጾሙን ነገር ለመምሬ ትቶ ሽምብራውንና ለውዙን ጨመረበት፤ ጻፈውም።

በተቀጠሩበት ማክሰኞ ይርገዱ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ አለነ ዓይኑን ጨፈነ። ሚዛን ያዥ ሆኖ ሚዛን ማየት የፈራበት ቀን ይኸ ነው።

«አርባ ሰባት ከሦስት መቶ» አለች ሰርካለም። ስድስት መቶ ግራም ጨምራለች።

አለነ ዓይኑን ገለጠ። ስድስት መቶ ግራም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በወፍጮ ቤት አንድ ልጅ እንኳ ተሸክሞ የማይደክምባት ዱቄት ናት። እሱ ግን ወንበሩን ይዞ ቁጭ አለና «ሸጋ፣ ሸጋ ነው» እያለ ደጋገመ፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ዶክተር ይበልጣል ቁስሉን አየ፣ ኪሎውን አየ፣ ስሟንም ጻፈ።

ቅበላው ሳይገባ ተለጠፈላት። ፋሻው የተከፈተ ዕለት ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይዟል» አለ። አለነ ይኸን ቃል ለመስማት የጠበቀውን ያህል የሠርጉን ቀን እንኳ አልጠበቀም።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አልጋዋ ጎን ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። ወተቱ አስቀድሞ ተጠጥቷል። እንቁላሉ በእሷ በኩል፣ ባቄላው በእሱ በኩል ነው። አጎረሳት፣ ሁለት ጊዜ። ይርገዱ እያላመጠች እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች፤ ባቄላውን አልፋ ሄደችና ከእንቁላሉ ወፈር አድርጋ ጠቀለለች።

«ይርገዱ!» አለ።

«ዝም በል፣» አለችው። «ዛሬ ይዟል ተብሏል። ይቺን ከእጄ ካልበላህ አልዳንኩም።»

እጇ ከአንሶላው በላይ ተዘርግቶ ጠበቀው። አለነ ዙሪያውን አየ፤ ሰርካለም የለችም። አፉን ከፈተ። ሲያላምጥ እንባው ወረደ፤ እሱም አልደበቀው፣ እሷም አላየሁም አላለችም።

ሲጨርሱ እጁን ታጠበና ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ። «እንቁላል፣ ሦስት» ብሎ ጀመረና ቆም አለ። የአለነ ሚዛን አይዋሽም። ሰረዘውና ከሥሩ እንዲህ ብሎ አስተካከለው፦

«እንቁላል፣ ሦስት፤ አንድ ጉርሻ ሲቀነስ። እሱን እኔ በላሁት።»